ሰላምታ ቆራጩ የቡሬ ስልከኛ

ዳምጤን ለስልክ ቤት ያበቃው ትምህርቱ ሳይሆን ጉሮሮው ነው። አባቱ ከሸዋ ጦር ጋር ኢሉባቦር ገብተው፣ ጎሬ ላይ መሬት ተመርተው፣ እዚያው ወልደው የቀሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ቄስ እንዲሆንላቸው ዳዊት ድረስ አስተማሩት። መሪጌታው ግን አንድ ቀን ልጁን እጁን ይዘው መጡና፣ «ጌታዬ፣ ይህ ልጅ ሲያዜም ምእመኑ ከግቢ ውጭ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። ጠላት የመጣ ዕለት ይጠቅማል፤ እስከዚያው ግን ቤተ ክርስቲያኑን ይልቀቅልኝ» አሉ። ዳምጤም ያን ጉሮሮ ተሸክሞ ሥራ ፈቶ ሲዞር የስልክ ሽቦ ወደ ጋምቤላ ወረደና ቡሬ ላይ የሚጮኽ ሰው ተፈለገ። እግዚአብሔር ለፈጠረው ሁሉ ቦታ አለው።

የስልኩ ነገር እንዲህ ነበር። መቱ ላይ የተነገረ ቃል በጎሬ አልፎ ቡሬ ሲደርስ የበሽተኛ ድምፅ ይሆናል። ከቡሬ ወዲያ ደግሞ ሽቦው በየዛፉ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ወደ ባሮ ቆላ ይወርዳል፤ ዝሆን ይጎትተዋል፣ ጦጣ ይጫወትበታል፣ ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል። የመቱ ሰው ከጋምቤላ ሰው ጋር በቀጥታ ልነጋገር ቢል የሚሰማው እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ዳምጤ መካከል ላይ ተቀምጦ ከላይ የመጣውን ይሰማል፣ በወረቀት ይጽፋል፣ መዘውሩን ያዞርና ወረቀቱን እያየ ወደ ታች ይጮኻል። ከታች የመጣውንም እንደዚያው ወደ ላይ ያወጣል። የቡሬ ሰው የነጋዴውን ሁሉ ምሥጢር ለማወቅ ከደጁ መውጣት አያስፈልገውም ነበር።

የጎሬው የስልክ ሹም አቶ ሸዋንግዛው ሥራውን ሲያስረክቡት የሰጡት ምክር አንድ ነው። «ስልከኛ አሸንዳ ነው። ውሃውን ያሳልፋል እንጂ አይቀምስም። አንድ ቃል አትጨምር፣ አንድ ቃል አትቀንስ።» ዳምጤ እጅ ነሥቶ፣ «እሺ ጌታዬ» አለ። እሺታው ከልቡ ነበር፤ የባሮ ውሃ ሞልቶ መርከብ መውጣት እስኪጀምር ድረስም ጠበቀው።

ቃሉን ያስፈረሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ የመቱዋ ቡና ነጋዴ እትዬ ወለተ ማርያም፣ ሁለተኛው በጋምቤላ ወደብ የሚቀመጠው የባላቸው ወንድም ገብረ መድኅን። ባልየው በሕይወት ሳሉ ንግዱን የያዙት ከወንድማቸው ጋር ነበር። ያለፈው ኅዳር ሲያርፉ እትዬ ወለተ ማርያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ፤ አርባው ሲወጣ የጎተራውን ቁልፍ ወገባቸው ላይ አስረው ሥራ ጀመሩ። እሳቸው ከያዮ ጫካ የመጣውን ቡና መቱ ላይ ገዝተው በበቅሎ ያወርዳሉ፤ ገብረ መድኅን ተቀብሎ ወደ ካርቱም በምትሄደው መርከብ ይጭናል። ሁለቱም ብርቱ፣ ሁለቱም ታማኝ ነበሩ። መነጋገር ብቻ ነው የጎደላቸው።

እትዬ ወለተ ማርያም የጨዋ ልጅ ስለሆኑ ፊት ለፊት መለመን አይሆንላቸውም። የሚፈልጉትን ነገር ዙሪያውን ዞረው፣ ዞረው፣ ጫፉን ነካ አድርገው ይመለሳሉ። ብልህ ሰው ይረዳል ነው ነገሩ። በሰኔ መጨረሻ ያስነገሩት መልእክት ይህን ይመስላል።

«ለተወደድክ ወንድሜ ለገብረ መድኅን። እንዴት ከረምህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዘንድሮ ዝናብ ጉድ ነው፤ የደብራችን ጣሪያ አፍስሶ ካህናቱ ጃንጥላ ይዘው ቀደሱ። ጎረቤታችን ወርቅውሃ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ቡናውም ደህና ነው። ጆንያ የሚባል ነገር ግን ከመቱ ገበያ ጠፋ አሉ።»

ዳምጤ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ አወረደው። መልሱ በማግስቱ መጣ። «ስለ ጣሪያው አዝናለሁ። ለወርቅውሃ እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉልኝ። እዚህ ጆንያ ሞልቷል።»

በቃ። እሳቸው ጠየቅሁት ከለከለኝ ብለው አኮረፉ፤ እሱ ወሬ ነገረችኝ ወሬ መለስኩ ብሎ ተኛ። ቡናው መሬት ላይ ተከምሮ እርጥበት ጠጣ።

ገብረ መድኅን ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። ጋምቤላ መሬቱ የእኛ ቢሆንም ወደቡን የሚያዝዘው እንግሊዝ ነው። እዚያ የከረመ ሰው ሳያስበው ሰዓቱም ወሩም ይዞርበታል። ፈረንጅ ሰዓቱን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ የእኛን ጠዋት ሦስት ሰዓት ዘጠኝ ይለዋል። ወሩንም ቀድሞን ጀምሮ በጥቅምት በአሥር ቀን ይበልጠናል። ገብረ መድኅን የደረት ሰዓቱን በመርከቧ ሰዓት አስተካክሎ በሰንሰለት አንጠልጥሎ ይዞር ነበር፤ የመርከቧ ሰዓት ደግሞ የካርቱም ነው፣ ከቡሬ ፀሐይ እንኳ ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ይጎተታል። በዚያ ላይ ሲናገር «በዘጠኝ» ይላል እንጂ የማን ዘጠኝ እንደሆነ አይናገርም። ለእሱ ግልጽ ነው፤ ሰዓቱ ደረቱ ላይ ነው።

ዳምጤን ያስመረረችው ግን «ነገ» ናት። ገብረ መድኅን አንድ ሐሙስ፣ «ነገ ጨው ይዤ ወደ ቡሬ እነሣለሁ፤ በቅሎ ትጠብቀኝ» አለ። ዳምጤ ወደ ላይ ሊያሳልፍ ሲል ሽቦው ተበጠሰ። ሰዎች ሄደው ቀጥለውት ጎሬ «አቤት!» ያለችው እሑድን አልፎ ነው። ዳምጤም በታዘዘው መሠረት «ነገ» ብሎ አሳለፈ። ጨዉ እሑድ ቡሬ ደርሶ፣ የሚቀበለው አጥቶ፣ ግማሹ በዝናብ ሟምቶ ወደ ጋምቤላ ተመለሰ። በቅሎዎቹ ከመቱ ገስግሰው መጡና የሞተች ነገን ይጠብቁ ጀመር። የነጂዎቹ አለቃ የዳምጤን ደጅ እያንኳኳ በኦሮምኛ «ዳምጤ፣ ቦሩ ዮም?» አለ፤ ነገ መቼ ናት ማለቱ ነው። ያን ቀን አሸንዳነቱ አስጠላው።

ከዚያ ወዲያ ዳምጤ ነገንም፣ ከነገ ወዲያንም፣ በቅርቡንም ገደላቸው። ወረቀት ይዞ ቁጭ ይልና መልእክቱን ይበትነዋል። የተፈለገው ምንድን ነው? ከማን ነው የተፈለገው? እስከ መቼ? ይህን አናት ላይ ያስቀምጣል። ዕለት ሲጽፍ ስሙን ከነታቦቱ ይጠራል፤ ማክሰኞ ይልና የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ በእኛ ወር ይቆጥራል፣ የፈረንጁን ቁጥር ከጎኑ ያኖርለታል፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲያጋልጠው። ሰዓት ከሆነ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ሳይል አያልፍም። መጨረሻ ላይም «የሰማኸውን መልሰህ ንገረኝ» ይጨምራል። የእትዬ ወለተ ማርያም ጣሪያና አራስ በዳምጤ እጅ ሲያልፉ እንዲህ ሆነው ይወርዱ ጀመር።

«ጆንያ ላክ። የሦስት በቅሎ ጭነት። ከፍልሰታ ጾም መያዣ በፊት መቱ ይድረስ። ሐሙስ ሐምሌ አሥራ ስምንት፣ በፈረንጅ ሃያ አምስት፣ ከቡሬ ለሚወርደው ለእኛው ነጂ ስጠው። የሰማኸውን መልሰህ ንገረኝ። ወለተ ማርያም።»

ጆንያው መጣ። ከፍልሰታ በፊት መጣ። እትዬ ወለተ ማርያም፣ «ወይ ጉድ፣ የባሌ ወንድም ልብ ገዛ!» ብለው ሻማ ለኮሱ። ዳምጤም ደረቱን ነፋ። ምን ያድርግ፣ ከቡሬ ሰው ማን ያመሰግነው ነበር? ራሱን በራሱ አመሰገነ። እየቆየም ሰላምታ የሚባለውን ነገር መስማት ሁሉ ተወ። «እንዴት ከረምህ» ብሎ ሲጀምር ብዕሩን ያስቀምጥና ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ «ደግሞ ይህን ልነግርህ» ሲባል ያነሣዋል። ሰላምታ ለእሱ የበቆሎ ልጣጭ ነበር፤ ልጦ መጣል ነው።

ነገር ግን ልጣጩ የወደቀበት ሰው ነበር። ጋምቤላ ላይ ገብረ መድኅን በሙቀቱ ውስጥ ተቀምጦ «ላክ፣ ስጥ፣ መልስ» የሚል ቃል ብቻ ይደርሰዋል። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እንዴት ዋልክ ያለው ሰው የለም። መጀመሪያ ተገረመ፤ ቀጥሎ ከፋው፤ መስከረም ሲጠባ ተናደደ። «ወንድሜ ሲሞት እኔ ሎሌ ሆንኩ ማለት ነው?» አለ። ለአቶ ሸዋንግዛውም፣ «የዘንድሮ የመጨረሻዋ መርከብ ትነሣና ሽርክናችን ይፍረስ፤ ለዳኛ የማሳየው የመቱዋ ሴትዮ ያስነገረችው ቃል ሁሉ ከነወረቀቱ ይሰጠኝ» ብሎ በደብዳቤ አመለከተ።

አቶ ሸዋንግዛው ከየስልክ ቤቱ አስመጥተው የመቱን ወረቀትና የጋምቤላን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጉ። አንደኛው ሙሉ ገጽ፣ አንደኛው ሁለት መስመር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ሁለት መስመሩ ሁለት መስመር ሆኖ ቀረ። በማግስቱ በቅሎ አስጭነው ወደ ቡሬ ገሰገሱ።

የደረሱት ጥቅምት አቦ ዕለት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ስልክ ቤቱ ገብተው ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጡና፣ «ሰላምታ ቆራጩ አንተ ነህ?» አሉ።

«ጌታዬ፣ ለሥራው ብዬ ነው። ነገሩ እንዲገባቸው…»

«አሸንዳ ውሃ ያጣራል? ሁለቱን ዘመዳሞች ጠብ አጠጣሃቸው! አሁን እዚሁ እቀመጣለሁ። የመጣው ቃል እንደመጣ ያልፋል። አንዲት ፊደል ብትነካ ጉሮሮህን ይዘህ ወደ አባትህ መሬት፤ ወፍ ትጠብቅበታለህ።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ስልኩ ጮኸ። ገብረ መድኅን ነበር። ድምፁ ኩርፊያ ይንጠባጠብበታል። «ለመቱ በል። መርከብ በሃያ ሁለት በዘጠኝ ሰዓት ትነሣለች። የመጨረሻዋ ናት። ቡናው ከዚያ በፊት ይድረስ።»

ዳምጤ ብዕሩ እጁ ላይ ደረቀ። ሃያ ሁለቱ የፈረንጅ እንደሆነ ገብቶታል፤ በእኛ አሥራ ሁለት ነው፣ የዛሬ ሳምንት። ዘጠኙም ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። መቱ ግን ይህን ስትሰማ ጥቅምት ሃያ ሁለት ከሰዓት በኋላ ትላለች፤ በቅሎዋን ቀለብ እየሰጠች ቀስ ብላ ታዘጋጃለች። የዓመቱ ቡና ሁሉ ወደቡ ሲደርስ መርከቧ ከሄደች ሰንብታለች። ባሮ ይጎድላል፤ እስከሚመጣው ክረምት መርከብ የለም። ባሏ የሞተባት ሴት የዓመት ቡናዋ ሻገተ ማለት ደግሞ ቤቷ ተዘጋ ማለት ነው።

«ጋሼ ገብረ መድኅን፣ ሃያ ሁለት ሲሉ በማን…»

አቶ ሸዋንግዛው ጠረጴዛውን በአለንጋ መቱት። «ዳምጤ! አሸንዳ!»

«እንዳልኩህ በል!» አለ ገብረ መድኅንም ከታች። «ደግሞ አንተ ማነህና ትጠይቀኛለህ?»

መናገር ክልክል፣ መጠየቅ ክልክል። ዳምጤ አቶ ሸዋንግዛውን አየ፤ አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ አየ፤ ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሥርዓት ወዳድ ናቸው። እንግዲህ በሥርዓት ነው የሚያዙት አለ በልቡ።

«ጌታዬ፣ እውነትዎን ነው፤ ቃሉን አልነካም። ብቻ እንዳይፈረድብኝ ፈራሁ። ጋሼ ገብረ መድኅን ለእትዬ አንዲት ሰላምታ አልሰጡም። ነገ ዳምጤ ቆረጠው ብባል ምስክሬ እርስዎ ነዎት።»

አቶ ሸዋንግዛው ቅንድባቸው ተነሣ። «አልሰጠም? ለሟች ወንድሙ ሚስት?» ስልኩን ነጠቁት። «ገብረ መድኅን! ሸዋንግዛው ነኝ! ሰላምታ ነፈገችኝ ብለህ ስትከስ አልነበረም? የራስህ ሰላምታ የታለ?»

«ጤና ይስጥልኝ በሏት» አለ ያ ሰው እያመነታ።

«ጤና ይስጥልኝ? ለመንገደኛ ነው?»

ዳምጤ ከጎን ዝቅ ብሎ፣ «የበዓል ሰላምታ ያምር ነበር ጌታዬ። ደግሞ መርከቧ የምትነሣበት ዕለት ቢሆን ለንግዱም ምርቃት ነው። ዕለቱ ማን እንደሆነ ቢጠይቁልኝ» አለ።

«ዕለቱ ማን ነው?» ብለው ጮኹ አቶ ሸዋንግዛው።

«ማክሰኞ፣ የዛሬ ሳምንት።»

«እንግዲያው ጥቅምት ሚካኤል ነዋ! የእኔ ታቦት! አንተ ጋምቤላ ገብተህ በዓል ረሳህ? በል፣ እንዲህ በላት…» እያሉ ራሳቸው ቃል በቃል አስጠኑት። ገብረ መድኅን እያጉረመረመ ደገመው። ከዚያ በራሱ አፍ የተነገረውን ዳምጤ ጻፈና፣ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ፣ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ ወደ ላይ ጮኸው።

«ለእትዬ ወለተ ማርያም። መርከባችን ለምትነሣበት ለጥቅምት ቅዱስ ሚካኤል በዓል እንኳን በደህና አደረሰዎ። መርከብ በሃያ ሁለት በዘጠኝ ሰዓት ትነሣለች። የመጨረሻዋ ናት። ቡናው ከዚያ በፊት ይድረስ።»

አቶ ሸዋንግዛው፣ «አየህ? ሲያምር!» አሉና የያዙትን ቆሎ ከፈቱ። ዳምጤ ከቆሎው አልዘገነም። ሴትዮዋ ሰላምታውን ሳታነብ ብትዘለውስ? እሱ ራሱ ስንቱን ዘሎ ነበር!

እትዬ ወለተ ማርያም ግን ሰላምታ የሚዘል ቤት አላደጉም። ቆሎው ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ፤ መቱ ናት።

«ለገብረ መድኅን። እንኳን አብሮ አደረሰን። ለመሆኑ ሚካኤል ከመቼ ወዲህ ነው በሃያ ሁለት የሚውለው? ወይ መርከቧን ይንገረኝ ወይ ታቦቱን።»

ዳምጤ ጮክ ብሎ አነበበው። አቶ ሸዋንግዛው ማላመጥ አቆሙ። በጣታቸው ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ወደ ጎሬ ተመለሰ።

«በማን ሃያ ሁለት ነው ያለው?»

«እንጃ ጌታዬ። እንደመጣ ነው ያሳለፍኩት።»

«ጠይቀው እንጂ!»

«አሸንዳ ይጠይቃል እንዴ ጌታዬ?»

«ዳምጤ! በእግዚአብሔር!»

ዳምጤ መዘውሩን ያዞረው እጁን ቆርጦ እስኪጥለው ነው። ገብረ መድኅን ተጠየቀ። ሰዓቱን ከደረቱ አውጥቶ ሳያየው አልቀረም። ከዚያ የተናገረው ኩርፊያ አልነበረበትም። «አምላኬ! በእንግሊዝ ሃያ ሁለት ነው ያልኩት። በእኛ ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ማክሰኞ፣ የሚካኤል ዕለት፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ቅዳሴ ሳይወጣ። ጭነት አለና ሰኞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቡናው ወደቡ ላይ ይሁን። የሰሙትን መልሰው ይንገሩኝ በላት።» የመጨረሻይቱን ቃል ከማን እንደተማራት አላወቀም። ዳምጤ አውቋል፤ ግን ያን ሰዓት ለመኩራራት ጊዜ አልነበረውም።

መቱ ሁሉንም መልሳ ተናገረች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በቅሎዎቹ ተነሡ። ሐሙስ አመሻሽ ቡሬ ሲገቡ ከፊት እትዬ ወለተ ማርያም ራሳቸው ጥቁር ካባ ደርበው በቅሎ ላይ ተቀምጠዋል። ነጂዎቹ አድረው ቁልቁለቱን ወረዱ፤ እትዬ ግን የቆላ ወባ ስለሚፈሩ ቡሬ ቀሩ። ጎጆ ተከራይተው ለማደር ካልሆነ በቀር ከስልክ ቤቱ አልተለዩም፤ አቶ ሸዋንግዛው ወንበራቸውን ለቀው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ጎሬ ሥራ እንዳለባቸው ሲጠየቁ፣ «በቅሎዬ አነከሰች» ይሉ ነበር። በቅሎዋ ደጁ ላይ ሣር እየጋጠች ትዘላለች። ቡናው ቢቀር «እንደመጣ ያልፋል» ያለው ማን እንደሆነ ሽማግሌው ያውቁ ነበር፤ እንቅልፍ አልነበራቸውም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሞተ። ዝሆን ይሁን ጦጣ ማን ያውቃል። ማክሰኞ የቡሬ ሚካኤል ደወል ተደውሎ ሕዝቡ ቅዳሴ ገባ፤ ሦስቱ ስልክ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ያቺን ዝም ያለች ሣጥን አዩ። ቅዳሴው ወጣ። ምእመኑ በደጁ እያለፈ «እንኳን አደረሳችሁ» አለ፤ የመለሰ የለም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሣጥኗ ጮኸች።

ዳምጤ ሰማ። ወደ እትዬ ወለተ ማርያም ዞረ። «ቡናው ሰኞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባ። ተጭኗል። መርከቧ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተነሥታለች።»

አቶ ሸዋንግዛው ከግንዱ ተነሥተው እያማተቡ በቆሎ ማሳ ውስጥ ገቡና ብቻቸውን ትንሽ አለቀሱ። እትዬ ወለተ ማርያም ግን አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸውን ዳምጤ ላይ ተክለው፣ «ልጄ፣ ስሙን የሰማሁት ሰላምታ ቆራጭ አንተ ነህ አይደል?» አሉ።

«ነኝ እትዬ። ይማሩኝ።»

«ጆንያውን ስላመጣህልኝ ተባረክ። ብቻ አንድ ነገር አስነግሬው ነበር፤ ከነሐሴ ጀምሮ፣ በላክሁ ቁጥር። መልስ አላገኘሁም። አልደረሰውም ማለት ነው?»

ዳምጤ ብዕሩን አነሣ። «ምን ነበር እትዬ?»

«እንግዲያው አሁን በልልኝ። እንዳልኩህ በል፤ እንዳትነካው። ‹ወንድሜ ገብረ መድኅን፣ እንዴት ከረምህ? ኅዳር ጽዮን እየቀረበች ነው። የወንድምህ በቅሎ ደህና ናት። ኮርቻዋን በየሰንበቱ እወለውላለሁ። የሚቀመጥባት ግን የለም።›»

ዳምጤ ጻፈ። ኅዳር ጽዮን የሟቹ ሙት ዓመት እንደሆነች ያኔ ትዝ አለው። ቃሉን አገላበጠው፤ በእሱ ሚዛን ጥያቄ የለበትም፣ ቀነ ገደብ የለበትም፣ ና የሚል ቃል የለበትም። እስከዛሬ ከበቆሎ ልጣጭ ጋር የጣለው ይህንን ነው። አፈረ፤ ደግሞም ፈራ።

«እትዬ፣ እንደ እህት ልምከርዎ… እንደ ወንድም ማለቴ ነው። ይህ እንዲህ ሆኖ አይገባቸውም። ‹ለወንድምህ ሙት ዓመት መቱ ና› ብል ምን አለበት?»

«ሰው ለወንድሙ ሙት ዓመት በትእዛዝ ይጠራል?» አሉ። «እኔ አልለምነውም፤ አላዘውም። ቤቱ ነው። በል።»

ዳምጤ መዘውሩን አዞረ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጮኽ የኖረ ሰው ያን ጊዜ ድምፁ አልወጣ ብሎት ሁለቴ ጠረገው። እንደ ጻፈው አለው። እንዴት ከረምህ። ጽዮን። በቅሎዋ። ኮርቻው። የሚቀመጥባት ግን የለም።

ታች ምንም አልተሰማም። አቶ ሸዋንግዛው ዓይናቸውን እየጠረጉ ተመልሰው ደፍ ላይ ቆመዋል። ሽቦው ያጉረመርማል። ዳምጤ፣ ይኸው አልገባውም፣ ልድገመው ወይ፣ ላስረዳው ወይ፣ እያለ ሲጨነቅ አንድ ነገር በጆሮው ገባ፤ ትልቅ ሰው አፉን በጋቢ ይዞ ሲያለቅስ የሚሰማው ድምፅ ነው።

«ለማንም አይስጧት በልልኝ» አለ ገብረ መድኅን። «እመጣለሁ። በዋዜማው እገባለሁ።»

አቶ ሸዋንግዛው አላስቻላቸውም፤ ከደፉ ዘልለው የዳምጤን እጅጌ ያዙ። «ምን አለ? ዋዜማ አለ? ጠይቀው እንጂ! በማን ኅዳር? ጠዋት ነው ማታ? የሰማውን መልሶ ይንገርህ!»

«አያስፈልግም ጌታዬ» አለ ዳምጤ። ስልኩን በዝግታ ሰቀለና ወደ እትዬ ወለተ ማርያም ዞሮ የሰማውን እንደሰማው ነገራቸው።